ከ12 ሚሊዮን ወደ 8 ሺህ ትሪያንግል፦ ስካን የተደረገ ቦት ጫማ ለጌም እንዴት ይዘጋጃል?

አንድን ዕቃ ዙሪያውን በፎቶ ማንሳትና ፎቶዎቹን ለፎቶግራሜትሪ ሶፍትዌር ማስረከብ ቀላሉ ክፍል ነው። ሶፍትዌሩ የሚመልሰው ሜሽ፣ ማለትም ትሪያንግል በሚባሉ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሸፈነው ቅርጽ፣ ስክሪን ላይ ሲሽከረከር እንከን የማይወጣለት ይመስላል። ችግሩ የሚገለጠው ጌም ውስጥ ወይም ስልክ ላይ ሊከፈት ሲሞከር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ማሰሪያ ያለው፣ ያረጀ የቆዳ ቦት ጫማ ስካን ተደርጎ 12 ሚሊዮን ትሪያንግል ያለው ሜሽ ወጥቷል። ጫማው ጌሙ ውስጥ በሚራመድ ገጸ ባሕርይ እግር ላይ ስለሚገባ ቁርጭምጭሚቱና የጣቶቹ ሥር ላይ መታጠፍ አለበት። የተፈቀደለት 8,000 ትሪያንግልና ጎኑ 2048 ፒክስል የሆነ ቴክስቸር፣ ማለትም ሜሹን የሚያለብስ ምስል፣ ብቻ ነው። ቦት ጫማን ለምሳሌ የመረጥነው ስካንን የሚያስቸግሩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለያዘ ነው፦ የሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ ጨለማ የሆነ ውስጠኛ ክፍል፣ ቀጭን ማሰሪያ፣ ካሜራ ያላየው ሶል።

በመጀመሪያ 12 ሚሊዮን ለምን እንደማይቻል በሒሳብ እንየው። በእንዲህ ያለ ሜሽ ላይ የነጥቦቹ ብዛት ከትሪያንግሎቹ ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ 6 ሚሊዮን ነጥብ አለን። የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ፣ ገጹ የሚያይበትን አቅጣጫና ቴክስቸሩ ላይ ያለውን አድራሻ ለመያዝ 32 ባይት ያስፈልጋል፤ ይህ 192 ሜጋባይት ይሆናል። የትኞቹ ሦስት ነጥቦች ተያይዘው ትሪያንግል እንደሚሠሩ የሚናገረው ዝርዝር ደግሞ ሌላ 144 ሜጋባይት ይጨምራል። ቴክስቸሩ ሳይቆጠር የአንድ እግር ጫማ 336 ሜጋባይት ወሰደ ማለት ነው። ያው ጫማ በ8,000 ትሪያንግል ሲሠራ 224 ኪሎባይት ገደማ ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጌም ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ አንሪል ኢንጂን 5 ናናይት የተባለውን አሠራር ይዞ ሲመጣ፣ ከእንግዲህ ስካን ማጽዳት ቀረ የሚል አስተያየት ተበራክቶ ነበር። ናናይት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትሪያንግሎችን እንደ ርቀቱ እየመረጠ ስለሚያሳይ፣ ለማይንቀሳቀስ ድንጋይና ግድግዳ በኃይለኛ ኮምፒውተር ላይ ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም በብሮውዘር ለሚታይ ሞዴልና ለተራ ስልክ አይደርስም፤ የተበላሸን ስካንም አያቃናም። የተቀደደው እንደ ተቀደደ፣ የጎረበጠው እንደ ጎረበጠ በሚሊዮን ትሪያንግል ይታያል እንጂ።

የትሪያንግሎችን ብዛት መቀነስ የሆነው ዴሲሜሽን፣ ቀዳዳ መድፈን፣ በስካኑ ላይ አዲስ ቀላል ሜሽ መሥራት የሆነው ሪቶፖሎጂና የስካኑን ዝርዝር ወደ ቀላሉ ሜሽ ቴክስቸር ማስተላለፍ የሆነው ቴክስቸር ቤኪንግ ብዙ ጊዜ እንደ አራት የተለያዩ ትምህርቶች ይቀርባሉ። ሥራውን የሚያበላሸውም ይኸው መነጣጠል ነው። ቤኪንግ ላይ የሚታየው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው ከሁለት ደረጃ በፊት ስለሆነ፣ ቤኪንጉን ደጋግሞ ማስኬድ አያድነውም።

ያልነበረ ገጽ

ቀዳዳ ከመድፈን በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ እሱም ሶፍትዌሩ ራሱ ያለፈቃድ የደፈናቸውን ቦታዎች መቅደድ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከነጥቦች ገጽ የሚሠሩት ክፍት ቦታ እንዳይቀር አድርገው ነው። የቦቱን አፍ ካሜራው ከላይ እስከ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ሊያይ ይችላል፤ ከዚያ በታች ጨለማ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ባዶውን አይተወውም፤ አፉ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የተወጠረ ሽፋን ያበጃል። ማሰሪያው ከምላሱ ላይ ከፍ ብሎ በሚያልፍበት ቦታም በመካከላቸው እንደ ዳክዬ እግር ያለ ድር ይሠራል።

እነዚህን ሽፋኖች ከእውነተኛው ገጽ የሚለየው የትሪያንግሎቹ መጠን ነው። ፎቶ ያረጋገጠው ቆዳ በጣም ትንንሽና እኩል በሆኑ ትሪያንግሎች የተሞላ ሲሆን፣ በግምት የተሠራው ግን ጥቂት ትልልቅና የተለጠጡ ትሪያንግሎች አሉት፤ ቀለሙም የተጎተተ ይመስላል። ሜሽላብ በተባለው የሜሽ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ `Select Faces with edges longer than...` የሚለው ማጣሪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይመቻል። የጫማችን አማካይ የትሪያንግል ጎን 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ጎን ያላቸው ቢመረጡ አረፋውና አብዛኛው ድር ይያዛሉ። ከመሰረዛቸው በፊት ግን ምርጫውን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይገባል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እውነተኛ ገጽም አልፎ አልፎ ትልልቅ ትሪያንግል ይኖረዋል። በዚሁ ደረጃ ከጫማው ተነጥለው በአየር ላይ የተንሳፈፉ ቁርጥራጮችና ጫማው የቆመበት ወለል ይወገዳሉ።

አሁን የቀሩት ቀዳዳዎች እውነተኛ ናቸው፤ አያያዛቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉትን፣ ዙሪያቸው ከ30 ጠርዝ የማይበልጠውን፣ የሜሽላብ `Close Holes` በአንድ ጊዜ ቢደፍናቸው ጉዳት የለውም። የቦቱ አፍ ግን ቀዳዳ ሳይሆን የዕቃው ቅርጽ ነው፤ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት። ሁሉንም ድፈን የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚበላሸው ይህ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ሶሉ ነው። ጫማው ቆሞ ስለተነሳ ሥሩ ጨርሶ የለም፤ የሚራመድ እግር ደግሞ ሶሉን ያሳያል። ከሁሉ የሚሻለው ጫማውን በጎኑ አስተኝቶ ሌላ ዙር ፎቶ ማንሳትና ሁለቱን ማዋሃድ ነው። ዕቃው በእጅ ከሌለ በእጅ መሥራት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የቀዳዳ አፋፍ የስካኑ ደካማ ክፍል ነው። ካሜራው በጣም ተንጋዶ ያየው ቦታ ስለሆነ ይጎረብጣል፣ ወደ ውስጥም ይታጠፋል። ከዚህ አፋፍ ላይ ተነስቶ የተደፈነ ቀዳዳ ጉብታውን ወደ መሃል ይዞ ይገባል። ስለዚህ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ውስጥ አፋፉን በ`Select > All by Trait > Non Manifold` መርጦ፣ ምርጫውን ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ ውጭ ማስፋትና መሰረዝ፣ ከዚያ በኋላ መድፈን ነው። መድፈኛው መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋ ክዳን ይሆናል፤ እንደ አካባቢው ጥቅጥቅ ያሉ ትሪያንግሎች እንዲኖሩት ከፋፍሎ፣ የተረከዙንና የመሃል እግሩን ከፍታ ሜሹን እንደ ጭቃ በሚቀርጸው ስካልፕቲንግ መመለስ ያስፈልጋል።

የተደፈነው ክፍል ቀለም የለውም። የተስተካከለውን ሜሽ ወደ ፎቶግራሜትሪው ሶፍትዌር መልሶ ከፎቶዎቹ ላይ ቴክስቸሩን እንደገና ማውጣት ይቻላል፤ ፎቶ ያልደረሰበት ሶል ግን በመጨረሻው ቴክስቸር ላይ ከጫማው ጎን እየተቀዳ ይሳላል። ሜሹን ለመመለስ ያሰበ ሰው እስከዚያ ድረስ ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው፣ ሊያዞረው ወይም መጠኑን ሊቀይረው አይገባም፤ ካሜራዎቹ የሚያውቁት የመጀመሪያ ቦታውን ብቻ ነው። ትክክለኛው ልኬት ሜሹ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ መሰጠት ያለበትም ለዚህ ነው።

ጉርብጥብጡ ሳይለሰልስ አይቀነስም

የሚያብረቀርቅ ቆዳ ላይ ያለው ነጸብራቅ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሶፍትዌሩ ነጸብራቁን የቆዳው አካል አድርጎ ስለሚቆጥረው ቦታውን ይሳሳታል፤ ውጤቱ የጫማው አፍንጫ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚታይ ጉርብጥብጥ ነው።

ዴሲሜሽን ይህን ያጠፋዋል ብሎ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ጋርላንድና ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት ነው። ሁለት ነጥቦችን ወደ አንድ ሲያጥፍ ገጹ ምን ያህል ከቦታው እንደሚርቅ ያሰላል፤ ትንሹን ጉዳት የሚያመጣውን አስቀድሞ ያጥፋል። ስለዚህ ጠፍጣፋው ቦታ ቶሎ ይሳሳል፣ ጉርብጥብጡ ቦታ ትሪያንግሎቹን ይዞ ይቀራል። ዘዴው ጉብታው ስፌት ይሁን የነጸብራቅ ስህተት መለየት አይችልም። ባልጸዳ ስካን ላይ ሲሠራ የጫማው አፍንጫ ባልተገባው ብዛት ትሪያንግሎችን ይዞ፣ ስፌቱና የሶሉ ጠርዝ ሲሟሽሹ ይታያል። የሽቦ እይታውን ከፍቶ ትሪያንግሎቹ የት እንደተከማቹ ማየት ምርመራውን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ስለዚህ ማለስለሱ ይቀድማል፤ እሱም በተጎዳው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የሜሽላብ `Taubin Smooth` ለዚህ ይመረጣል። ተራው ማለስለሻ ገጹን በእያንዳንዱ ዙር ወደ ውስጥ ስለሚስብ ጫማውን ያከሳዋል፤ ታውቢን ግን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እየገፋ መጠኑን በደንብ ይጠብቃል። ስፌቱንና የቆዳውን እውነተኛ ስንጥቅ ከምርጫው ውጭ ማድረግ ግድ ነው። ከጠፉ ወደ ኋላ አይመለሱም፤ ቤኪንግም ያጣውን አይፈጥርም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የቤኪንጉ ምንጭ የሚሆነው ዋና ሜሽ ምን ያህል ትሪያንግል ይያዝ የሚለው ነው። 12 ሚሊዮኑን እንዳለ ማቆየት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። የጫማው ጠቅላላ ገጽ 0.2 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 200,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ጎኑ 2048 የሆነ ቴክስቸር 4.2 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ ዩቪ በሚባለው፣ ገጹ ተቆራርጦ ቴክስቸሩ ላይ በሚዘረጋበት አቀማመጥ፣ በቁርጥራጮቹ መካከል የሚባክነውን ስንቀንስ 2.9 ሚሊዮን ያህሉ ጫማውን ይሸፍናል። እያንዳንዱ ፒክስል 0.07 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። 3 ሚሊዮን ትሪያንግል ያለው ሜሽም ለእያንዳንዱ ትሪያንግል የሚሰጠው ስፋት ይህንኑ ያህል ነው። ከዚያ በላይ የረቀቀ ቅርጽ፣ የገጹን አቅጣጫ በቀለም በሚመዘግበው ቴክስቸር፣ ማለትም በኖርማል ማፑ ውስጥ የሚያርፍበት ፒክስል የለውም። ስለዚህ 12 ሚሊዮኑ ወደ 3 ሚሊዮን ቢወርድ የሚጠፋ ነገር አይታይም፤ ቤኪንጉም ኮምፒውተሩን አያንቀው። ቀለሙ የሚመጣው ከትሪያንግሎቹ ሳይሆን ከፎቶዎቹ ስለሆነ በዚህ አይነካም።

ከዚሁ ዋና ሜሽ ሌላ ወደ 150,000 የወረደ ቀላል ቅጂ ማውጣት ይጠቅማል። ለሪቶፖሎጂ መደገፊያ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ

ጫማው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ሪቶፖሎጂ አያስፈልገውም ነበር። ለማይታጠፍ ዕቃ ዴሲሜሽኑን እስከ 8,000 አውርዶ አዲስ ዩቪ መሥራት በቂ ነው። ጌም ኢንጂኑ አራት ማዕዘኑንም ቢሆን ወደ ትሪያንግል ስለሚቀይረው፣ የተዋበ የአራት ማዕዘን መረብ በራሱ የሚያስገኘው ነገር የለም። መረቡ ዋጋ የሚኖረው ቅርጹ ሲለወጥ ነው። የዴሲሜሽን ትሪያንግሎች አቅጣጫቸው የተዘበራረቀ ስለሆነ፣ እግሩ ሲታጠፍ ቆዳው በተለያየ ቦታ ሹል ሹል እያለ ይሰበራል።

አውቶማቲክ መሣሪያዎች አሉ፤ ኢንስታንት ሜሽስና ብሌንደር ውስጥ ያለው ኳድሪፍሎው የታወቁት ናቸው። እኩል እኩል የሆኑ አራት ማዕዘኖችን በደቂቃ ይሰጣሉ። ችግራቸው ረድፎቹን በእግሩ ዙሪያ ዘግተው አለመግጠማቸው ነው፤ አንዱ ረድፍ ተጠማዝዞ እንደ ብሎን ጥርስ ወደ ላይ ይወጣል። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠመዝማዛ ረድፍ ካለ መታጠፊያው ገደድ ይላል። ለዚህ ጫማ 4,000 አራት ማዕዘን በእጅ መሥራት የአውቶማቲኩን ውጤት ከመጠገን ይቀላል ብለን እናምናለን።

ሥራው የሚጀምረው ከቀለበቶቹ ነው። ብሌንደር ውስጥ ስናፒንጉ ገጽ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ፣ በቀላሉ ቅጂ ላይ የአፉ ዙሪያ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ የጣቶቹ ሥርና ሶሉ ከቆዳው የሚገናኝበት መስመር በቀለበት ይታሰራሉ። መታጠፊያዎቹ ላይ ከሦስት ያላነሰ ቀለበት ያስፈልጋል፤ አንዱ እጥፋቱ ላይ፣ ሁለቱ በግራና በቀኙ። በአንድ ቀለበት ብቻ የታጠፈ ቆዳ እንደ ካርቶን ይሰበራል። ከዚያ በኋላ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ይሞላል፤ `Shrinkwrap` ሞዲፋየር ነጥቦቹን ገጹ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ስካን የተደረገ ጫማ ሁለት ጎኑ ስለማይመሳሰል ግማሹን ሠርቶ በመስታወት መገልበጥ አይሠራም።

ማሰሪያውን በተመለከተ ድሩ ከተቀደደ በኋላ የሚቀረው የተቦጫጨቀ ነገር ነው። ቆርጦ አውጥቶ ለየብቻ እንደ ጠፍጣፋ ቱቦ መሥራት፣ ቀለሙን ከስካኑ መውሰድ ይሻላል። ከምላሱ ጋር የተጣበቀ ማሰሪያ ጫማው ሲታጠፍ አብሮ ይለጠጣል።

ጨረሩ ከየት ይነሳል?

ከስካኑ ጋር የመጣው ዩቪ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች የተበታተኑበት ነው፤ ለጌም አይሆንም። በአዲሱ ሜሽ ላይ የመቁረጫ መስመሮቹ ዓይን በማያተኩርባቸው ቦታዎች፣ ከተረከዙ በስተኋላ ባለው ስፌት፣ በሶሉ ዙሪያና በአፉ የውስጥ ከንፈር ላይ ይሰመራሉ። በቁርጥራጮቹ ዙሪያ 16 ፒክስል ተጨማሪ ቀለም መፍሰስ አለበት። ምክንያቱም ዕቃው ሲርቅ ጌሙ ቴክስቸሩን በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ይጠቀማል፤ 16ቱ ፒክስል 8፣ 4፣ 2 እያለ በአራተኛው ቅነሳ 1 ይሆናል። 4 ፒክስል ብቻ ከተተወ ግን በሁለተኛው ቅነሳ ላይ 1 ደርሶ፣ ጫማው ገና ብዙ ሳይርቅ በስፌቶቹ ላይ የጀርባው ቀለም እንደ ክር መታየት ይጀምራል።

ቤኪንግ ማለት ከቀላሉ ሜሽ ውጭ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ጨረር መላክና ጨረሩ በዋናው ሜሽ ላይ ያገኘውን ቀለምና አቅጣጫ መመዝገብ ነው። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ጨረሩ በሚነሳበት ርቀት ነው፤ ያውም በግምት መሞላት የለበትም። ሜሽላብ ውስጥ በ`Hausdorff Distance` ሁለቱ ሜሾች የሚራራቁበትን ትልቁን ርቀት መለካት ይቻላል። ለጫማችን 2 ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ ብሌንደር ውስጥ `Selected to Active` እና `Cage` ተከፍተው `Extrusion` 0.003 ሜትር ይሰጠዋል። ልኬቱ 2 ሳይሆን 9 ሚሊ ሜትር ካሳየ ርቀቱን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ሪቶፖሎጂው አንድ ቦታ ከገጹ ለቋል ማለት ነውና ወደዚያ መመለስ ይገባል።

ርቀቱ ሲያንስ ዋናው ሜሽ ከጨረሩ መነሻ በላይ ይቀራል፤ ኖርማል ማፑ ላይ ድንገተኛ ባዶ ወይም ጥቁር ቁራሽ ይታያል። ሲበዛ ደግሞ ከምላሱ የተነሳው ጨረር በላዩ ካለው የቆዳ ክዳን ማዶ ይጀምርና የክዳኑን ስፌት ምላሱ ላይ ይስላል። ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ጫማ ላይ አብረው ከታዩ ምንም ዓይነት ነጠላ ቁጥር አያድንም። ምላሱን፣ ማሰሪያውንና የጫማውን አካል ለየብቻ ቤክ አድርጎ በአንድ ቴክስቸር ላይ ማዋሃድ ነው መንገዱ።

ሦስተኛው ስህተት የሶሉ ጎን ላይ ያለው ስፌት ተንጋዶ መታየቱ ነው። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ነጥቦች የላይኛውንና የጎኑን አቅጣጫ አማክለው ስለሚይዙ ጨረሮቹ በሰያፍ ይሄዳሉ። ከማዕዘኑ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ቀለበት በግራና በቀኝ ሲገባ ጨረሩ ይቃናል፤ ጥቂት መቶ ትሪያንግል ቢያስከፍልም ያዋጣል።

ከቤኪንጉ በፊት ቀላሉን ሜሽ ወደ ትሪያንግል መቀየር አይዘለልም። አንድ አራት ማዕዘን በሁለት ሰያፍ መንገድ ሊከፈል ይችላል፤ ብሌንደር በአንዱ፣ ጌም ኢንጂኑ በሌላው ከከፈለው ኖርማል ማፑ የተሠራው ለሌላ ገጽ ይሆንና የኤክስ ምልክት የሚመስል ጥላ ቆዳው ላይ ይወጣል። ቀለሙ ሲወሰድ በ`Diffuse` ሥር `Direct` እና `Indirect` ጠፍተው `Color` ብቻ ይቀራል፤ ኖርማል ማፑ የሚቀመጥበት ምስል ደግሞ `Non-Color` መሆን አለበት።

የመጨረሻው ፍተሻ ጫማውን ጌም ኢንጂኑ ውስጥ አስገብቶ አንድ መብራት በዙሪያው ማዞር ነው። ስፌቱ ወደ ውጭ ያበጠ ሳይሆን ወደ ውስጥ የተቦረቦረ መስሎ ከታየ የተሳሳተው ሜሹ አይደለም። ብሌንደርና ዩኒቲ የኖርማል ማፑን አረንጓዴ ቻናል በአንድ አቅጣጫ ሲያነቡት አንሪል በተቃራኒው ያነበዋል፤ ቻናሉን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ከዚያ እግሩ ይታጠፋል። የጣቶቹ ሥር ላይ ቆዳው ሲሰበር ከታየ የሚመለሱበት ቦታ ሪቶፖሎጂው ነው፤ መብራቱ ሲያልፍ የጫማው አፍንጫ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ከታየ ደግሞ ከዚያም አልፎ ወደ ማለስለሱ ነው። ዋናው ሜሽ ከተስተካከለ በኋላ ዩቪውና ቀላሉ ሜሽ ባሉበት ቤኪንጉን ብቻ እንደገና ማስኬድ ይቻላል፤ ስለዚህ 3 ሚሊዮኑ ፋይል ሥራው አልቋል ተብሎ የሚሰረዝ አይደለም።